«ባጭሩ ልናገር»

የወልድያ ሰው ሆይ፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ ሠርግህ ሠለጠነ። ድሮ እንግዳው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጨፍሮ ይበተን ነበር። ምን ያህል እንደጎደለብን ያወቅነው አሁን ነው። ዛሬ ወጡ ወጥቶ፣ ሰው እጁን ታጥቦ፣ የመጀመሪያዋ ጉርሻ አፍ ልትደርስ ስትል ዲጄው ዘፈኑን ቀጥ ያደርግና «አሁን የሙሽራው የልጅነት ጓደኛ አጭር ንግግር ያደርግልናል» ይላል። እንጀራው እንዲጠብቅ፣ ወጡ እንዲረጋ የተመደበው ሰዓት ይኸው ነው።

በዚህ ጥር አንዱን እስከ መጨረሻው የመስማት ዕድል ገጥሞኛል። ሠርጉ መርሳ ነበር፤ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደን ዳሱ ውስጥ ተቀመጥን። ተናጋሪው ሚዜ አንገቱ ላይ ያሰራት ክራቫት እንደ ታሰረ በግ የምታስጨንቀው የሠፈራችን ልጅ ነው። ይህ ልጅ ፈሪ እንዳይመስላችሁ። ወልድያ ባለው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም፣ 25 ሺህ ሰው በሚይዘው ማለት ነው፣ ዳኛ ሲሰድብ ድምፁ ከሁሉ በላይ የሚሰማ ጀግና ነው። ሦስት መቶ የማይሞላ ሠርገኛ ፊት ሲቆም ግን ጉልበቱ ከዳው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ስታዲየም ውስጥ አብሮት የሚጮህ ሰው ነበረው።

ለድፍረት ብሎ ሁለት መለኪያ አረቄ ገልብጦ ነበር። አረቄው ፍርሃቱን አላጠፋለትም፤ የት መቆም እንዳለበት ግን አስረሳው። ማይኩን ይዞ ቀጥ ብሎ ሞንታርቦው ፊት ቆመ። ማይክ የራሱን ድምፅ ከሞንታርቦ መልሶ ሲሰማ እንደሚጮህ ዲጄው ያውቃል፤ ልጁን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ከሞንታርቦው ጀርባ ቢያቆመው ያበቃ ነበር። እሱ ግን በምልክት «ቀጥል ቀጥል» ይለዋል። ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ። ሚዜውም «ሀሎ፣ ሀሎ፣ ይሰማል?» አለ። መርሳ በሙሉ ሰምቶ ነበር።

ከዚያ ስልኩን አወጣ። ንግግሩ ስልኩ ላይ ነው። «ጋብቻ ማለት…» ብሎ ጀመረ፤ ይህንን መክፈቻ ማን እንደጻፈው ባይታወቅም ከቴሌግራም ወደ ቴሌግራም ሲተላለፍ የኖረ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ባለፈው ሳምንት ሠርግም ሰምተነዋል። ጋብቻ ምን ማለት እንደሆነ ለአርባ ዓመት በትዳር ለኖሩት እማማ ሲያስረዳቸው ስልኩ ጨለመ። ስልክ ካልነኩት በሠላሳ ሴኮንድ ይተኛል። ሊከፍተው ጣቱን ቢያሳርፍ፣ ላብ ያጠመቀውን ጣት ስልኩ አላውቀውም አለ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዳሱ ውስጥ የሚሰማው የጄኔሬተር ድምፅ ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «በቃ፣ እንኳን ደስ አላችሁ በልና ተቀመጥ» ቢለው ኖሮ ሁላችንም እንድን ነበር። ነገር ግን የሥልጣኔ ደንብ አይፈቅድም። ከስልኩ ሲለያይ የቀረው ነገር ትዝታ ነው፤ የልጅነት ጓደኛ ደግሞ ትዝታ አያጣም።

እስቲ የሽማግሌዎቹን ድካም አስቡት። ሦስቱ ሽማግሌዎች የሙሽሪቱ አባት ደጅ ተመላልሰዋል። መጀመሪያ ቆመው ተናግረዋል፣ «ተቀመጡ» ሲባሉ «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለዋል፣ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ከጨዋ ቤት ነው፣ ሥራ እንጂ ሌላ አያውቅም ብለው ምለው ነው ልጅቱን ያገኙት። ሚዜያችን ይህንን ሁሉ ለማፍረስ የፈጀበት ጊዜ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። ሙሽራው የሰው ብርቱካን ለቅሞ ዛፍ ላይ እንደተያዘ ነገረን። ከትምህርት ቤት አጥር ዘሎ እንደጠፋ ነገረን። ቀጥሎ «ያቺን ልጅ ታስታውሳለህ? ስሟን አልጠራም» አለ፤ እውነትም አልጠራም፤ ሠፈሯንና የአባቷን ሱቅ ግን ነገረን። የሙሽሪቱ እናት እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሡ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። የሚስቁት ሁለት ጎረምሶች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አጥሩን አብረው የዘለሉት።

ማሳረጊያው «ብርጭቋችሁን አንሡ፣ ቺርስ!» የሚል ነበር። ወሎ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፤ ሰዉ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይበላል። ይህንን ያህል ለእንግዳው የተጠነቀቀ ደጋሽ፣ ሁሉም አንድ ብርጭቆ እንዲያነሣ ሲታዘዝ ምን ይበል? አንዱ ጠላ አነሣ፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ባዶ እጁን። አጠገቤ የነበሩት እናት «ጥርስ ነው ያለው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ እማማ፣ ጥርስ ነው፤ እስካሁን ስንነክሰው የነበረው።

ለመሆኑ ሚዜ መች ነው ተናጋሪ የሆነው? በአገራችን ባህል ሚዜ ለሙሽሪት ወንድም ይሆናል። ባሏ ቢበድላት የምትነግረው ለሱ ነው፣ ጓደኛውን ጠርቶ የሚቆጣውም እሱ ነው። የሚፈለግበት ያንን ወንድምነት መጠበቁ ነበር። ይህ እንግዲህ ዕድሜ ልክ የሚፈጅ አድካሚ ሥራ ስለሆነ ብልሆች በሦስት ገጽ ንግግር ለወጡት። ንግግሩ በማግስቱ ያልቃል፣ ሚዜውም ይገላገላል።

ንግግር የግድ ያስፈልጋል ለሚል ደግሞ ምርቃት ነበረን። ኋላ ቀርነቱ ግልጽ ነው፤ ማንም አይወድቅበትም። መራቂው የሚናገረው አንድ ትንፋሽ ነው፤ «ውለዱ ክበዱ» ይላል፣ እጁን የዘረጋው ሰው በሙሉ ግማሹ «አሜን»፣ ግማሹ «አሚን» ይልለታል። በዚያች መሀል ትንፋሹን ይሰበስባል፣ የሚቀጥለውን ያስባል። ቢረሳ እንኳ ያለውን ይደግመዋል፤ ምርቃት ተደገመ ብሎ የከፋው የለም። ዓይናፋር ሰው ሁለት ቃል ብሎ ሊያቆም ይችላል፤ ጎበዙ ሊያስረዝመው ይችላል፤ ያም ሆነ ይህ ብቻውን አይቆምም። ታዲያ ሰው የሚደግፈውን ንግግር ትተን ሰው አፍ አፉን የሚያየውን መረጥን፤ ከዚያ ደግሞ የሚንቀጠቀጠውን ልጅ «ምነው ፈራህ?» እንለዋለን።

ሚዜው ሲቀመጥ ዳሱ እንደ ሐዘን ቤት ዝም ብሎ ነበር። ዝምታውን የሰበሩት ከወደ ጊራና የመጡ፣ ነጭ ኮፍያ የደፉ ሽማግሌ ናቸው። ማንም አልጠራቸውም። ማይኩን ሲሰጧቸው በእጃቸው መለሱት። ተነሥተው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ዳሱም አብሯቸው ዘረጋ። ለሙሽሮቹ ልጅ፣ ለደጋሹ ዕድሜ፣ ለአገሩ ዝናብ ለመኑ። ለዚያ ልጅም አንድ ነገር አሉለት፤ «ጓደኛውን ወድዶ የተንቀጠቀጠውን አላህ ለወግ ለማዕረግ ያብቃው» አሉ። ከሁሉ የበለጠው «አሜን» የወጣው ያኔ ነው፤ ሚዜውም ቀና አለ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የሙሽሪቱ እናት እጃቸውን ወደ ትሪው መለሱ።

ቪዲዮው ባለፈው ሳምንት ደርሷል፤ ሙሽሮቹ ቤት ተሰብስበን አየነው። የሚዜው ንግግር ከማይኩ ጩኸት እስከ «ቺርስ» ድረስ ሳይቆረጥ አለ፣ ሥሩም ሙዚቃ ገብቶለታል። ምርቃቱ የለም። ቪዲዮ ቀራጩ ያን ጊዜ ባትሪ እየቀየረ ነበር።