ምጣድ ሲጣድ ኮምፒውተሬ ያቃስታል

በእኛ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ይለኮሳል፣ መብራት ሲመጣ ኩራዙ ይጠፋል፤ በቃ። ኩራዝ መብራት ተመለሰ ብሎ ሲቃጠል ያየ የለም። የዛሬው ዕቃ ግን ሁለት ጊዜ ይገደላል፤ አንዴ ሲጠፋበት፣ አንዴ ሲመጣለት። የዕድራችንን መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ያሻገሩት ልጆች ይህን አልነገሩኝም። «ጋሼ፣ ይቀልልዎታል» ብለው ዴስክቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ ተክለውልኝ ሄዱ። ይኸውና ቀለለኝ! ድሮ የዕድር ጸሐፊ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ በዚያ ላይ የቮልት ተቆጣጣሪ ሆኛለሁ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ እኔም እንደ ሰው አጨብጭቤያለሁ። ነገር ግን ከጉባ እስከ ጠረጴዛዬ መንገዱ ረጅም ነው። ስንት ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ስንት ትራንስፎርመር፣ ስንት ያዘመመ ምሰሶ ያልፋል መሰላችሁ! ይህን ሁሉ አልፎ በሰላም የደረሰውን መብራት ደግሞ የግቢያችን ሴቶች ምጣድ ላይ ያውሉታል።

በምጣድ ላይ ቂም የለኝም፤ እንጀራ እበላለሁ። ሒሳቡን ግን ስሙኝ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ቢበላ፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል ማለት ነው። ከቆጣሪው እስከ ጓሮ ቤቶቹ የተዘረጋው 2.5 ሽቦ 40 ሜትር ቢሆን፣ መብራቱ ሄዶ ስለሚመለስ 80 ሜትር ሽቦ ያልፋል። በዚያ መንገድ አንዱ ምጣድ ብቻ ወደ 10 ቮልት ይውጣል። ሁለተኛዋ ጎረቤት «እኔም ሊጥ ኩፍ ብሎብኛል» ካለች ሃያ ቮልት ሄደ፤ ሽቦውም ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ይግላል። ቀድሞውንም ከመንገዱ 190 ሆኖ የመጣ መብራት በእንጀራ ቀን 170 ሆኖ እኔ ጋ ይደርሳል። ይህን በወሬ አይደለም የምናገረው፤ ሶኬቱ ላይ መልቲሜትር ሰክቼ ቁጥሩ ሲወርድ እያየሁ ነው። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ ሌሊት ሰው ሲተኛ አንዴ መለካት የቤታችሁን ጠባይ ይነግራችኋል። ሌሊት 240 የሚወጣ ቤትም አለ።

ወደ ሱቅ ብትሄዱ ሻጩ ለዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት አለው። «ፋዘር፣ ይቺን ዲቫይደር ውሰድ፣ ሰርጅ ፕሮቴክተር አላት» ይላል። ቀይ መብራቷን አብርቶ ያሳያል። ቀይ መብራትማ ባቡርም አለው! በውስጧ ያለው ነገር ቫሪስተር የሚሉት፣ ሳንቲም የምታህል ከዚንክ ኦክሳይድ የተሠራች ክብ ቁራጭ ናት። ቮልቱ ልኩ ላይ እስካለ ድረስ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ድንገት ለቅጽበት ወደ ሺህ ቢዘል ግን መንገድ ከፍታ ትርፉን በራሷ በኩል ታሳልፈዋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። የወረደውን 170 ወደ 220 አታነሣም። መብራት ሲጠፋ አታበራም። ከፍ ብሎ ለደቂቃዎች የሚቆይ ቮልት ከመጣም ራሷ ግላ ትቃጠላለች። አጥር የሚዘል ሌባ የሚይዝ ዘበኛ ቀጥራችሁ ጎርፍ አላቆመልኝም ብትሉ ጥፋቱ የዘበኛው አይደለም። ደግሞም በእያንዳንዱ ምት ትደክማለች። ካለቀች በኋላም ዲቫይደሩ መብራት ማስተላለፉን ይቀጥላል፤ ባለቤቱ ጥበቃ እንዳለው ያምናል። ቢያንስ የመከላከያው መብራት ከማብሪያው መብራት ተለይቶ የተጻፈበትን ግዙ፤ ያ ሲጠፋ ዕቃው ተራ ማባዣ ሆኗል ማለት ነው።

ይባስ ብሎ ቫሪስተሮቹ ከፊላቸው ትርፉን የሚጥሉት ወደ መሬት መስመር ነው። መሬት መስመር! ስንቱ ቤት ነው ያለው? የግድግዳው ሶኬት በጎንና በጎን ብረት አውጥቶ እንደ ሙሽራ ይኳላል፤ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም። የልጅ ልጄ አንድ ቀን የኮምፒውተሩን ቀፎ በባዶ እግሯ ነክታ «አባባ፣ ይነዝራል!» ብላ ዘለለች። ቤተሰቡ ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብሎ ተጨነቀ። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም። በፓወር ሳፕላዩ መግቢያ ላይ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ፍሳሽ ወደ ቀፎው ይለቃል፤ መሬት መስመር ካለ ወደዚያ ይሄዳል፣ ከሌለ በልጅቷ እግር ይሄዳል። መልቲሜትሩን በፌዝና በመሬቱ ብረት መካከል ስታደርጉ በፌዝና በኒውትራል መካከል ካነበባችሁት ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ካልመጣ፣ ያ ብረት ጌጥ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ መሬት ውስጥ ዘንግ አስተክሉ፤ ከዲቫይደሩ በፊት ገንዘባችሁ መዋል ያለበት እዚያ ነው። «ኒውትራሉ ላይ ላገናኝልዎት፣ ያው ነው» የሚል ከመጣ በሩን አሳዩት። ያው አይደለም፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት ቀፎው ራሱ ፌዝ ይሆናል።

አሁን ወደ ዩፒኤስ እንምጣ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ የዘመኑ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ የምታሙትን ያህል ሰነፍ አይደለም። ጀርባው ላይ 100–240 ተብሎ ከተጻፈበት በ170 ቮልትም ይሠራል፤ ጥቂት አብዝቶ ይስባል እንጂ አይሞትም። 200–240 የሚለውና ቀይ መቀያየሪያ ያለው አሮጌው ነው በእንጀራ ቀን የሚያቃስተው። የሁለቱም ድካም መቆራረጡ ላይ ነው። መብራት ሲቋረጥ ፓወር ሳፕላዩ በውስጡ ባጠራቀመው ኃይል የሚቆየው፣ ደህና ከሆነ፣ ወደ 16 ሚሊሰከንድ ነው። ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይደርስም። ዩፒኤስ ይህን ክፍተት ነው የሚሞላው፤ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ወደ ባትሪ ይዞራል፣ ኮምፒውተሩ ሳያውቅ።

ግን የትኛው ዩፒኤስ? ርካሹ ዓይነት መብራቱን እንዳለ ያሳልፋል፤ ቮልቱ ከወረደ የሚያውቀው ነገር ባትሪ ብቻ ነው። እንደኛ ባለ ግቢ በእያንዳንዱ ምጣድ ጢጥ ጢጥ እያለ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ማታ መብራቱ የእውነት ሲጠፋ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ካርቶኑ ላይ ላይን ኢንተራክቲቭ ወይም ኤቪአር የሚል ፈልጉ። እሱ በውስጡ ትራንስፎርመር ስላለው የወረደውን ቮልት ባትሪ ሳይነካ ያነሣዋል፤ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ስትሰሙ ያንን እያደረገ ነው። ይህ ካላችሁ ከፊቱ ስታቢላይዘር መደርደር አያስፈልግም። የስታቢላይዘሩ መቀያየር ራሱ ዩፒኤሱን እያስበረገገ ወደ ባትሪ ይልከዋል።

በካርቶኑ ላይ 650 የሚለው ዋት አይደለም፤ ቪኤ ነው። ዋቱ ከ360 እስከ 390 ቢሆን ነው። ለእኔ ዓይነቱ የጽሕፈት ኮምፒውተር ከነስክሪኑ 120 ዋት ቢበላ ይበቃዋል። ሻጩ ግን «ሁለት ሰዓት ይይዛል» አለኝ። በእግዚአብሔር! ውስጡ ያለው ባትሪ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት። በፍጥነት ሲወጣና በመለወጡ ሲባክን ግማሹን ብታገኙ ደግ ነው። 42ን ለ120 ስታካፍሉት 20 ደቂቃ አካባቢ ይመጣል፤ ያውም ባትሪው አዲስ ሳለ። ስለዚህ ዩፒኤስ ጽሑፍ መጨረሻ አይደለም፤ ጽሑፉን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን መዝጊያ ነው። ከጀርባው የሚወጣውን የዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ካገናኛችሁት፣ ሰው በሌለበትም ባትሪው ሲያልቅ ራሱ እንዲዘጋ ማዘዝ ይቻላል። ያንን ገመድ ግን ሁሉም ሰው ከነላስቲኩ ካርቶኑ ውስጥ ይተወዋል።

ባትሪው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ቢኖር ነው፤ ሙቀት ቦታ ካስቀመጣችሁት ወይም ደጋግማችሁ ባዶ ካደረጋችሁት ያነሰ። መሞቱን አይናገርም። መዝገብ ተከፍቶበት ከመፈተን፣ በየጥቂት ወሩ አንድ የ100 ዋት ባለ ክር አምፑል ሰክታችሁ የግድግዳውን ማጥፊያ አጥፉና ሰዓት ያዙ። ደቂቃ ሳይሞላ ከወደቀ ባትሪው ይቀየር፤ ጎኑ ካበጠ ዛሬውኑ ይውጣ።

የሚቀረኝ ትልቁ ፍርሃት ነው። ባለፈው በሰፈራችን አንድ ማታ የአንዱ ቤት አምፑል ደበዘዘ፣ የሌላው ቤት እንደ ሠርግ ቤት ቦግ አለ። ሰው «ዛሬስ መብራቱ ጠነከረ!» ብሎ ተደሰተ። የኒውትራሉ ሽቦ ተበጥሶ ነበር። ሦስቱ ፌዞች ጭነታቸውን የሚያመጣጥኑበት ሲጠፋ፣ ትንሽ ጭነት ያለበት ቤት ቮልት ወደ 380 ሊገሰግስ ይችላል። ቴሌቪዥኖች ተቃጠሉ፤ ባለ ቀይ መብራቷ ዲቫይደርም ጢሷን ለቀቀች። ይህን ዩፒኤስም አይችለውም፤ አብሮ ይነዳል። የሚችለው ቆጣሪው ሥር የሚገጠም፣ ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ቤቱን በሙሉ የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ መቆጣጠሪያ ነው። በቁጥር የሚስተካከለውን ግዙ። የላይኛውን ወሰን 255 ላይ፣ የታችኛውን 160 አካባቢ አድርጉት። አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ የታችኛውን 190 አድርጎ ሲገጥም አይቻለሁ፤ በእንጀራ ቀን ቤቱ በየሰዓቱ ይጨልማል፣ የዩፒኤሱ ኤቪአርም ሥራ ፈቶ ባትሪው ያልቃል።

የክረምቱ መብረቅ ሲያጉረመርም ደግሞ ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው መንቀል ነው፤ የኢንተርኔቱንም የመዳብ ገመድ ጭምር። ይህን ነፃ ምክር ግን ሻጭ አይነግራችሁም።

እናንተም እባካችሁ፣ እንግድነት ስትመጡ ዩፒኤሱ ላይ ባዶ ቀዳዳ አየን ብላችሁ ሌዘር ፕሪንተር፣ ካውያ ወይም የቡና ምድጃ አትሰኩ። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያሞቅ ወደ ሺህ ዋት ይጠጣል፤ ዩፒኤሱ ይጮኻል፣ ከዚያ ይወድቃል፣ ኮምፒውተሩም አብሮት። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ እሱን አልከለክልም።