«ለጀማሪ» ያለው ማን ነው?

ቪዲዮው ከሥሩ «20 ደቂቃ፣ ያለ መሣሪያ፣ ሆድ፣ ለጀማሪ» ተብሎ ተጽፎበታል። እኔ ጀማሪ ነኝ፤ መሣሪያ የለኝም፤ ሆድ ግን አለኝ። በስሜ የተላከ ደብዳቤ መሰለኝና ጂም ለሚያሠራው ጓደኛዬ አሳየሁት።

«20 ደቂቃ ምን አላት?» አልኩት።

«ማሟሟቂያው 3፣ ማፍታቻው 3፤ ቀረህ 14። እሱም ከየደቂቃው 40 ሰከንድ ሥራ፣ 20 ሰከንድ እረፍት ነው። የምትሠራው 9 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ብቻ ነው።»

«ታዲያ 20 ብለው ለምን ይዋሻሉ?»

«ድግስ ስትሄድ የምትቆጥረው የጎረስክበትን ብቻ ነው? ማሟሟቂያውን ዘለህ ከገባህ ግን የምትጎርሰው ሳትታጠብ ነው።»

«መሣሪያስ አያስፈልግም ይላል።»

«ሰውየው ምንጣፍ ላይ ተኝቶ፣ ወንበር ተደግፎ ነው ይህን የሚልህ። ያንተ ፕላስቲክ ወንበር ደግሞ ራሱ ደጋፊ ይፈልጋል። ከግድግዳ አስጠጋው።»

«ዳምቤል የሌለው ውሃ የሞላ ጠርሙስ ይያዝ ብሏል።»

«ግማሽ ሊትሩ ግማሽ ኪሎ ነው። ከገበያ የምታመጣው ዘምቢል እኮ ከዚያ ይከብዳል! ባለ 2 ሊትሩን ያዝ።»

«ዋናው ሆድ መባሉ ነው። ቦርጬ ሊሰናበት ነው!»

«የተጻፈልህ ጡንቻው ነው፤ ስቡን ማን አነሳው? የሆድ ስፖርት ከስቡ ሥር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል። ስቡን ሰውነትህ ከፈለገበት ቦታ ይቀንሳል እንጂ አንተ ከጠቆምክበት አይደለም። ስትነሳ አንገትህን ካመመህ ደግሞ ጭንቅላትህን በእጅህ እየጎተትክ ነው፤ ሆድህ ቁጭ ብሎ ያይሃል።»

«እሺ፣ ለጀማሪ መባሉንስ ምን ታወጣለታለህ?»

ስልኬን ተቀብሎ መሃሉን ከፈተው። ሰውየው መሬት ይወርዳል፣ ፑሽአፕ ይሠራል፣ ተነስቶ ይዘላል፣ እንደገና ይወርዳል።

«ይሄ የምን ጀማሪ ነው? የዕድሜ ልክ ጀማሪ?» አለኝ። «ደረጃውን የሚጽፈው ቪዲዮውን የሠራው ራሱ ነው፤ ፈታኝም ተፈታኝም እሱ ነው። እውነት ለጀማሪ ከሆነ ቀለል ያለውንም ያሳይሃል፦ ፑሽአፑን ግድግዳ ላይ፣ ዝላዩን በእርምጃ። ይሄኛው ምንም አማራጭ የለውም።»

«ልኬ መሆኑን በምን ልወቅ?»

«እየሠራህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልክ ልክህ ነው። በየሁለት ቃሉ የምትተነፍስ ከሆነ ከአቅምህ በላይ ሄደሃል፤ ቀንስ።»

«እኔን ከወሬ የሚያስቆም ስፖርት የለም!»

«ምላስህማ አሠልጣኝ ሆኗል፤ ጀማሪ ያልነው እግርህን ነው።»

አልሰማሁትም፤ ማታ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዘለልኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከታች ያሉት እናት በሬን አንኳኩ፦ «ልጄ፣ ቤቱ ላዬ ላይ ሳይወርድ፣ ያንተ ቪዲዮ ለጎረቤት ደረጃ አልጻፈም?»

አንባቢዬ፣ ከቪዲዮው ሥር ከተጻፉት አራት ነገሮች ማንም የማይለካው የመጨረሻው ነው። ልብስ ሳትቀይር መሃሉን ከፍተህ እይ፤ ሰውየው እየዘለለ ከሆነና አማራጭ ካላሳየ ዝጋው።