የቡና ሰብሳቢን ማስታወሻ አበላሽቶ ስለ መገልበጥ

ከቴፒ አንድ የቡና ሰብሳቢ ደብተር መጣልህ እንበል። በእስክሪብቶ ተሞነጫጭሮ እንዲህ ይላል፦ «ሸ. ቀ.እ 12 ፈ 5 ከ፤ ቅ.ክ 8000»። አንተ ደግሞ አሳጥሮ የጻፈውን ዘርዝረህ በንጹሕ ወረቀት እንድትገለብጥ ታዘሃል። ሥራው እንዲበላሽ ከፈለግህ እንደሚከተለው አድርግ።

በመጀመሪያ ሁሉንም በእኩል ልበ ሙሉነት ዘርዝር። «ቀ.እ» ቀይ እሸት፣ «ፈ» ፈረሱላ መሆናቸውን በዚያ አገር ቡና የነካ ሁሉ ያውቃል። እነዚህ ሲሳኩልህ ሌሎቹም የተሳኩ ይመስልሃል፤ ያንን ስሜት እመነው። «ሸ.» ላይ ስትደርስ «ሸካ» ብለህ ጻፍ፣ ቴፒ ሸካ ዞን ውስጥ ናትና። ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ሸኮ የሚባል ወረዳ እንዳለ፣ እሱም የቤንች ሸኮ ዞን እንደሆነ አታስታውስ። ቡናው ዞን ቢቀይር ምን ቸገረህ?

ከዚያ «5 ከ» አለ። ሰብሳቢው «ኪ» ሊል ፈልጎ የእግሯን ጭረት ረስቶ ይሆን? ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ፣ ከ12 ፈረሱላ የተረፈው 5 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 209 ኪሎ ነው። ያስኬዳል። ግን «ከ» ከረጢት ቢሆንስ? 12 ፈረሱላ 204 ኪሎ ነው፤ ለ5 ከረጢት ሲካፈል እያንዳንዱ 41 ኪሎ ያህል ይይዛል። ይህም ያስኬዳል! ሒሳቡ ለሁለቱም እሺ ሲል የሚቀረው ጸሐፊውን መጠየቅ ነው፤ ስለዚህ ሒሳብ አትሥራ።

ትልቁን ጥፋት ግን ለ«ቅ.ክ» አቆየው። «ቅ» ከሆነ ቅድመ ክፍያ ነው፤ ባለ ቡናው 8,000 ብር ወስዷል። «ቀ» ከሆነ ቀሪ ክፍያ ነው፤ 8,000 ብር ይከፈለዋል። ልዩነቱ የፊደሏ አናት ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት፤ እሷም ደብተሩ ላይ የቡና ጭማቂ ነክቷት ሊሆን ይችላል። አንዱን መርጠህ አሳምረህ ጻፍ። ንጹሕ ጽሑፍ ሲታመን ጉድ ነው፤ የተሞነጫጨረውን የሚጠራጠር ሰው በኮምፒውተር የተጻፈውን አይጠራጠርም።

ፈሪዎች ግን እንዲህ ይጽፋሉ፦ «ሸ. [ሸኮ ወይስ ሸካ?] ቀይ እሸት 12 ፈረሱላ 5 ከ [ኪሎ ወይስ ከረጢት?]፤ ቅ.ክ [ቅድመ ወይስ ቀሪ ክፍያ?] 8000»። እርግጠኛ የሆኑበትን ዘርዝረው፣ ያልሆኑበትን ፊደል እንደ ነበረ ትተው፣ ቁጥር ሳይነኩ፣ ሦስት ጥያቄ ይዘው ወደ ሰብሳቢው ይሄዳሉ። «ልክ ነው?» ብለውም አይጠይቁትም፤ የቸኮለ ሰው ለዚያ ሁልጊዜ «አዎ» ይላልና፣ ሁለቱን አማራጭ አቅርበው ያስመርጡታል። አንተ የግድ መጠየቅ ካለብህ «ልክ ነው አይደል?» በል።

በመጨረሻ ዋናውን ደብተር ጣለው። ሰብሳቢው ስልክ ቁጥሩን የጻፈው ሽፋኑ ላይ ነው።