ማታ 3 ሰዓት ላይ የመጣች «ነገ እናውራ»

የምሠራበት ድርጅት ቢሮ የለውም። አለቃችን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፤ ሒሳብ ሠራተኛውና እኔ አዲስ አበባ፣ ሲስተሙን የሚይዘው ልጅ ደግሞ ዱባይ። ጉዳያችን ሁሉ በቴሌግራም ስለሚያልቅ ተፋጥጠን አናውቅም። የምንኳረፈው በአራት ነጥብ ነው።

በክረምቱ አለቃችን ለሒሳብ ሠራተኛው በውስጥ መስመር «ሪፖርቱን አይቼዋለሁ። ነገ እናውራ።» ብላ ላከችለት። እሷ ዘንድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ስብሰባ ልትገባ ስትል ጣል አድርጋው መሄዷ ነው። እዚህ ግን ማታ 3 ሰዓት ሆኗል፤ ሰውዬው እራት ቀርቦለታል። «ስለ ምን ጉዳይ?» ብሎ መለሰ። ሁለት ራይት ሆነ። ከዚያ ዝም።

እራቱ እንደቀረበ ቀረ። «አይቼዋለሁ» ማለት ምን ማለት ነው? ጥሩ ነው አላለች፣ መጥፎ ነው አላለች! ለሊቱን ኤክሴሉን ከፍቶ ስህተቱን ሲፈልግ አደረ። ስህተት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሳያገኝ አይተኛም፤ ትክክል የነበረ አንድ ቁጥር «አረመ»። ከለሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግሩፑ ውስጥ ገብቶ «በሥራዬ ላይ ቅሬታ ካለዎት በግልጽ ይንገሩኝ» ብሎ ለጠፈ። ሌላ ጊዜ «አንቺ» የሚላትን ሴትዮ ነው «እርስዎ» ያላት። በእኛ አገር ሰው በድንገት ካከበረህ ነገር ከርሯል ማለት ነው።

የዱባዩ ልጅ ጠዋት ሲነሳ አውራ ጣቱን አቁሞ ሰጠው። እሱ «አንብቤያለሁ» ማለቱ ነው። አለቃችን «እሱም ከሱ ጋር ነው» ብላ አነበበችው፤ ሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ «አበጀህ» ብሎ።

እንግዲህ አለቃችን የፈለገችው ሪፖርቱ ደስ ስላላት ደንበኞች ፊት ራሱ እንዲያቀርበው ልትጠይቀው ነበር።

ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ክሩገር፣ ኤፕሊና ጓደኞቻቸው በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች የምርም የስላቅም አረፍተ ነገር እየላኩ፣ ተቀባዩ የቱ ምር፣ የቱ ስላቅ እንደሆነ ይለይ ነበር። ላኪዎቹ «ከመቶው 78ቱን ይለያል» ብለው ገመቱ። በድምፅ ሲሆን 73 ተለየ፤ በኢሜይል ግን 56 ብቻ። ሳንቲም ወርውሮ ቢገምት እንኳ 50 ያገኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጸሐፊ ሲጽፍ የራሱን ድምፅ እየሰማ ነው፤ አለቃችን «እናውራ»ን በፈገግታ ነው የጻፈችው፤ ፈገግታዋ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ቀረ።

ሽምግልናው በእኔ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ግሩፑ ውስጥ ማንም መልስ እንዳይጽፍ ለመንኩ፤ ሰው እያየ ይቅርታ የሚባባል የለም፣ ሁሉም ለተመልካች ነው የሚጽፈው። ቀጥዬ ሒሳብ ሠራተኛውን «መልእክቷን ጥቀስና እንዴት እንዳነበብከው ብቻ ንገራት» አልኩት። ማታ «አስቀይመሽኛል» ብሎ የጻፈውን አጥፍቶ «ይህን ሳነብ በሪፖርቱ የተቆጣሽ መሰለኝ፤ እንደዚያ ነው?» ብሎ ላከላት። የመጀመሪያው ክስ ነው፣ ክስ መከላከያ ይጠራል፤ ሁለተኛው ጥያቄ ስለሆነ «ኧረ በፍጹም!» ለማለት በር ይከፍታል። እሷም ሳትጽፍ ደወለች። በጽሑፍ ሁለቴ ተመላልሶ ያልተፈታ ነገር በሦስተኛውም አይፈታም፣ ድምፅ ነው የሚፈታው። (የድምፅ መልእክት አላልኩም! የአራት ደቂቃ ቅጂ ታክሲ ውስጥ ጆሮ ላይ ለጥፎ የሚያዳምጥ ሰው ሌላ ቂም ነው የሚይዘው።) ስድስት ደቂቃ አወሩ፣ ሳቁ፣ የታረመው ቁጥር ወደ ቦታው ተመለሰ። በመጨረሻ ግሩፑ ላይ አንድ መስመር ጻፈች፦ «የእኔ መልእክት ግልጽ አልነበረም፤ ሪፖርቱ በጣም ጥሩ ነው።» ጠቡን ሁሉ አይቶታልና እርቁንም ሁሉ ማየት ነበረበት። እሷ ቀድማ መጻፏም ግድ ነበር፤ ደመወዝ ከፋዩን «ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ለደመወዝተኛ አይቀልም።

ከዚያ ወዲህ «እናውራ» የሚል ሰው ጉዳዩን፣ ክብደቱንና የሚፈጀውን ጊዜ አብሮ ይጽፋል። ሌላው የተኛበት ሰዓት ከሆነም ላኪው ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ለጠዋት ቀጠሮ ይይዝለታል። ደንቡ ሠርቷል። የማይሠራው ነገሩ በእርግጥ ችግር ሲሆን ነው፤ ያኔ ልስላሴ ከድፍረት ይብሳል። ባለፈው ሳምንት የዱባዩ ልጅ ደንቡን ጠብቆ እንዲህ ብሎ ላከልን፦ «ስለ ደመወዝ መክፈያው ሲስተም ነው፤ ምንም ችግር የለም፤ 5 ደቂቃ ይበቃል።» ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ደወልንለት።