ለማያውቁት ስልክ መልስ ሲጽፉ

እርስዎ ከፊራ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴ ነዎት እንበል። ወሩ ግንቦት ነው፣ ድሬዳዋ ተቃጥላለች፣ ስልክዎ ላይ «ቬንትሌተር ስንት ስንት ነው?» የሚል የጽሑፍ መልእክት ይገባል። ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ሰውየው ሳቢያን ይሁን ጅግጅጋ፣ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ይሁን ባለ ሦስት ካሜራ፣ መልእክትዎን ራሱ ያንብበው ወይስ ዋትስአፕ ላይ ገልብጦ ጅቡቲ ላለ ወንድሙ ይላክለት፣ ምንም አያውቁም። እንግዲህ ከባድ ኃላፊነት ወድቆብዎታልና ምክሬን በጥሞና ይስሙ።

መጀመሪያ ማስጌጥ ያምርዎታል። ይህን ፈተና ያላየ ነጋዴ የለም። ዋጋው ጎላ እንዲል በኮከብ ያጥሩታል፦ `*3200*`። ዋትስአፕ ላይ ኮከቦቹ ይጠፉና ቁጥሩ ይወፍራል፤ እርስዎም ይደሰታሉ። ቴሌግራም ግን ለማወፈር በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ኮከብ ይፈልጋል። ተራ የጽሑፍ መልእክት ደግሞ ማወፈር የሚባል ነገር ስለማያውቅ ኮከቡን እንዳለ ያደርሰዋል። በሀገራችን ከኮከብ የሚጀምር ቁጥር ምን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ቀሪ ሂሳብ በ `*804#`፣ ቴሌብር በ `*127#` ነው። ደንበኛዎ የቬንትሌተሩን ዋጋ በመሰላል ጨርሶ ደውሎ «የተሳሳተ ኮድ» ቢባል ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ስለዚህ ኮከብ አይጠቀሙ። ዋጋው ጎልቶ እንዲታይ ከፈለጉ ብቻውን መስመር ይስጡት፤ አዲስ መስመርን የማያውቅ ስልክ እስካሁን አልገጠመኝም።

ቀለምም ይቅርብዎ። አረንጓዴ ምልክት «አለ»፣ ቀይ ምልክት «አልቋል» እንዲል አድርገው ቢልኩ፣ ደንበኛው የሚያነበው በቀትር ፀሐይ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ስልክ ሲግል ራሱን ለማዳን የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል፤ ያኔ አረንጓዴውም ቀዩም አንድ ዓይነት ጥላ ነው። «አለ» ብሎ መጻፍ ሁለት ፊደል ብቻ ይፈጃል።

አሁን ወደ ትልቁ ኃጢአት፣ ወደ ሰንጠረዡ እንምጣ። ዕቃው በግራ፣ ዋጋው በቀኝ፣ በመካከል ክፍት ቦታ እየደረደሩ ቀጥ ያለ ዓምድ ይሠራሉ። በእርስዎ ስልክ ላይ የባቡር ሐዲድ ይመስላል። ችግሩ የግዕዝ ፊደላት ስፋታቸው እኩል አለመሆኑ ነው፤ «ጨ» የምትይዘውን ቦታ «ን» አትይዝም፤ ልዩነቱም ከስልክ ስልክ ይለያያል። እርስዎ በአምስት ክፍት ቦታ ያቃኑት ዓምድ ሌላው ጋ ሲደርስ ይጣመማል፤ ስክሪኑ ጠባብ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ይታጠፍና የትልቁ ዋጋ ከትንሹ ስም ጎን ይቆማል። የባሰ የሚሆነው ይህ ነው፤ የተጣመመ ሰንጠረዥ አንባቢውን ያጠራጥረዋል እንጂ አይዋሸውም፣ በታጠፈበት ቦታ በአጋጣሚ የገጠመ ግን ይዋሸዋል። ነገሩን የሚያውቅ የእህትዎ ልጅ መጥቶ «ፊደሉ ሁሉ እኩል ስፋት የሚኖረው የቴሌግራም ኮድ ጽሑፍ አለ» ቢልዎ አመስግነው ይሸኙት። ያ አጻጻፍ ለላቲን ፊደል የተሠራ ነው፤ ግዕዙን አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ስለሚያመጣው ዓምዱ እዚያም ይፈርሳል። ዕቃና ዋጋ በአንድ መስመር ላይ፣ በመካከላቸው አንድ ክፍት ቦታ ብቻ፤ በቃ።

እንዲህ ማለት ነው፦

```
ሰላም
ትልቁ ቬንትሌተር 3200 ብር
መካከለኛው 2400 ብር
ትንሹ 1500 ብር
ሱቁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይከፈታል
```

ድሃ መስሎ ይታይዎታል፤ ግን ይቁጠሩት። አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ብቻ ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል። አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት ግን መልእክቱ በሙሉ ሌላ ኮድ ስለሚሆን 70 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆናል። ከላይ ያለው ክፍት ቦታውና አዲስ መስመሩ ተቆጥሮ 69 ነው። የቀረችዎትን አንዷን ለአራት ነጥብ ማዋል ይችላሉ፤ ባለጸጋ ነዎት። «ሰላም» የሚለውን «ሰላም ደንበኛችን» ቢያደርጉት ግን 76 ይሆንና የሁለት መልእክት ሂሳብ ይከፍላሉ። ደንበኛ ክቡር መሆኑን አልክድም፤ ሲመጣ ወንበር ይስጡት።

በቁጥሩ ውስጥ ነጠላ ሰረዝ ያላስገባሁት በስንፍና አይደለም። ከተማችን በ1902 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጅቡቲ የመጣው ባቡር የወለዳት ናት፤ ዘመዶቿ አሁንም በሐዲዱ በሁለቱም ጫፍ ናቸው። ጅቡቲ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ቁጥር ያነበበው በፈረንሳይኛ ልማድ ነው፤ በዚያ ልማድ ነጠላ ሰረዝ ሺህን ሳይሆን ክፍልፋይን ይለያል። 3,200 ብለው ሲልኩለት ሦስት ብር ከሃያ ሳንቲም ሊያነበው ይችላል። በዚህ ዋጋ የሚሸጡ ከሆነ እኔም እገዛለሁ። ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ያለ ምንም መለያ ቢጻፍ ግን የትም ቦታ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው።

ሰዓቱም እንዲሁ። 2:00 ብለው ብቻ ቢጽፉ፣ ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት የሞላ ሰው ከቀትር በኋላ ሁለት ብሎ ይረዳዋል። እኛ ስምንት ሰዓት በምንለው ሰዓት ማለት ነው፤ ድሬ ሱቋን ዘግታ ከሙቀቱ ባረፈችበት። ሰውየው በተቆለፈ በር ፊት ላብ ሲያጠምቀው ስለ እርስዎ የሚለውን እዚህ መጻፍ አይቻልም። «ከጠዋቱ» የሚለው ቃል አራት ፊደል ይበላል፤ ይብላ። ማንም ሱቅ በውድቅት ሌሊት ስለማይከፍት በየትኛውም ሰዓት የሚቆጥር ሰው ሐሳቡን ያገኘዋል።

ይህን ሁሉ አድርገውም አንድ አደጋ ይቀራል። አንዳንድ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልኮች የግዕዝ ፎንት ስለሌላቸው በየፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ያሳያሉ። ስክሪኑን ማየት አይችሉም፤ በእጅዎ ያለው ብቸኛ ማስረጃ የተላከልዎት ጥያቄ ነው። ጥያቄው በግዕዝ ከተጻፈ ስልኩ ግዕዝ ያነባል። እንዲህ ብሎ ከመጣ ግን፦

```
Ventilator sint sint new?
```

እርስዎም በዚያው ፊደል ይመልሱ። ምናልባት ስልኩ ግዕዝ እያወቀ ሰውየው ሰነፍ ሆኖ ይሆናል፤ ቢሆንም ምንም አልተጎዳም። 160 ምልክት ስለሚያገኙ እንኳን ደንበኛችን፣ እናት አባቱንም ሰላም ማለት ይችላሉ። በጥቅስ ቦታ ያማረ ምልክት ወይም የፈገግታ ሥዕል እንዳይጨምሩ ብቻ ይጠንቀቁ፤ አንዲቷ ብቻ መልእክቱን ወደ 70 ትመልሰዋለች።

የዋጋ ዝርዝሩን ፎቶ አንስቼ ብልክስ የሚሉ እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ባለ ቁልፉ ስልክ ላይከፍተው ይችላል፤ ባለ ካሜራው ቢከፍተው እንኳ ወንድሙ «የመካከለኛውን ዋጋ ብቻ ላክልኝ» ሲለው ከሥዕል ላይ እንደ ጽሑፍ ጣቱን አስቀምጦ በቀላሉ መገልበጥ አይችልም።

ከላኩ በኋላ ደንበኛው ያንኑ ጥያቄ «ስንት ስንት ነው?» ብሎ ቢደግመው አይቆጡ፤ ሳጥን ደርሶት ሊሆን ይችላል። ይደውሉለትና ዋጋውን በአፍዎ ይንገሩት፤ ከዚያ «ምን አልከኝ፣ አልሰማሁህም፣ ጻፍልኝ» ቢልዎ ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፉለት።