ላንጋኖ ዘመድ የለንም

ሜሪላንድ፣ ሐምሌ 3 ቀን

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከናፍቆትሽና ከቤት ኪራዩ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቲኬቱ ተቆርጧል። ነሐሴ 1 ጠዋት ገብተን ነሐሴ 15 ማታ እንመለሳለን። አዎ፣ ፍልሰታ ሊፈታ አንድ ሌሊት ሲቀረው። ልጆቹ ትምህርት የሚዘጋላቸው ያን ጊዜ ነው፤ ግን እውነቱን ልንገርሽና ባለቤቴ ቀኑን ስትመርጥ ደስ ብሎኛል። ባለፈው በፍስክ መጥተን በአንድ ቀን ሦስት ቤት ዶሮ ወጥ በላሁ። በሦስተኛው ቤት የሳሪሷ አክስቴ ከነእንቁላሉ ስታጎርሰኝ እንባዬ መጣ፤ «ናፍቆት ነው» ብላ አብራኝ አለቀሰች። በጾም በግ እስኪታረድ ተቀመጡ የሚል የለም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ካንቺ ቤት ንቅንቅ አንልም። ሰዓቱ በሰባት ስለሚለያይ ልጆቹ ሌሊት ስምንት ላይ ራት ይላሉ፤ ዳቦ ቢጤ አስቀምጪላቸው። ከዚያ ለቅሶ ያልደረስንባቸው ቤቶች ይቅደሙ። እነዚህ ጠዋት ይሁኑ፤ ጾመኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማይቀምስ ብሉ ብሎ አይለምነንም። ቀጥሎ በዕድሜ ነው፤ መጀመሪያ የኮተቤዋ ታላቅ አክስቴ፣ ከዚያ የገርጂዋ። ባለፈው ገርጂ ለአውሮፕላን ማረፊያው ይቀርባል ብዬ ታናሿን ባስቀድም፣ ታላቋ ሁለት ዓመት ስልኬን አላነሳችም።

ነሐሴ 7 ላንጋኖ ወርደን ሦስት ሌሊት እናድራለን። ቢሾፍቱ አይቀርብም ወይ ትያለሽ። ችግሩ መቅረቡ ነው! 45 ኪሎ ሜትር ለዘመድ ምኑ ነው? ባለፈው ሆራ ዳር ጋደም እንዳልን አጎቴ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ከነድስቱ ይዞ ደረሰ። ሐዋሳ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ቤት እያለ ሆቴል ማደር ጸብ ነው። ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ዘመድም የለንም። ልጄ ውኃውን በፎቶ አይቶ «ሻይ በወተት ነው?» አለኝ። ቡናማ ይሁን እንጂ እንደ ሌሎቹ ሐይቆች በቢልሃርዚያ ስለማይታማ ይዋኙበታል። ክረምቱም እዚያ እንደ አዲስ አበባ አይበረታም።

ዕረፍቱ መጨረሻ ላይ ይሁን ያልሽው አይሆንም። የመጨረሻዎቹ ቀናት የበርበሬና የሽሮ ናቸው። አንዱ ሻንጣ ከ23 ኪሎ ማለፍ ስለሌለበት፣ ያንቺ «ትንሽ ቆሎ» ሁልጊዜ ሚዛን ላይ ታጣላናለች። እንዳይረሳሽ፣ በርበሬውን በሁለት ፌስታል አስሪው። ባለፈው ፈሶ የልጄ ሹራብ እስካሁን ያስነጥሳል።

ልጅሽ

ደብዳቤውን ሳልልከው የገርጂዋ አክስቴ ደውላ «ለላንጋኖው ድንኳን እንያዝ?» አለችኝ። እማዬ፣ በስልክ የነገርኩሽ ላንቺ ብቻ ነበር። እንግዲህ ከሁለት መኪና አይብለጡ በያቸው፤ የኮተቤዋም ከፊት ወንበር ትቀመጥ።