የ46,000 ብሩ ደረሰኝ

አጎቴ ኮልፌ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ ሂሳቡን የምይዝለት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛዎች አዘዘን። አጎቴ በስልክ የተስማማው «ቫትን ጨምሮ 46,000 ብር» ብሎ ነው። ዕቃው ደረሰ፣ የቀረው ደረሰኝ ብቻ ሆነ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽናችን ጥገና ገብቶ ስለነበር በእጅ የሚጻፈውን ጥራዝ አወጣሁ።

ቫት 15 በመቶ ነው። ካልኩሌተሩ ላይ ከ46,000 15 በመቶ ቀነስኩ፤ 39,100 አለኝ። ዋጋ 39,100፣ ቫት 6,900፣ ድምር 46,000 ብዬ ጻፍኩ። ድምሩ ልክ ስለመጣ ልቤን ሞልቼ፣ በዝናብ ታክሲ ተሰልፌ ቦሌ ወረድኩ።

ፋይናንስ ክፍል ያገኘኋቸው እናት ደረሰኙን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። «ልጄ፣ እስቲ 39,100ን በ15 በመቶ አባዛው» አሉኝ። አባዛሁት፤ 5,865 ወጣ። «ታዲያ 6,900 ከየት መጣ?»

መልስ አጣሁ። ደረሰኙን ይዤ፣ ገንዘቡን ሳልቀበል ተመለስኩ።

ማታ አጎቴን ስጠይቀው ጠረጴዛዎቹን የተመነው 40,000 ብር ነበር። የዚያ 15 በመቶ 6,000 ነው። ቫቱ የተጨመረው በ40,000 ላይ ሆኖ ሳለ እኔ የቀነስኩት ከ46,000 ላይ ነው። የተሳሳትኩት 900 ብር የ6,000ው 15 በመቶ ነው፤ በቫቱ ላይ ደግሜ ቫት አስልቼበታለሁ። እንዲያ ሆኖ ቢያልፍ ኖሮ ያ 900 ብር ከአጎቴ ድካም ላይ ይወጣ ነበር። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። ቫት ያለበት ዋጋ 115 እጅ ነው፤ 100 እጁ ዋጋ፣ 15 እጁ ቫት። 46,000 ለ115 ሲካፈል አንዱ እጅ 400 ብር ይሆናል። 100 ጊዜ 400፣ 40,000፤ 15 ጊዜ 400፣ 6,000። ድምሩ መግጠሙ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ የኔም ገጥሞ ነበር። ማረጋገጫው ሴትዮዋ ያደረጉት ነው፦ ያወጡትን ዋጋ መልሶ በ15 በመቶ ማባዛት።

በቤት ኪራይም ይኸው ጭቅጭቅ አለ። 10,000 የነበረው 20 በመቶ ተጨምሮ 12,000 ይሆናል፤ ከዚያ «20 በመቶ ቀንሻለሁ» ሲባል ተከራይ 9,600፣ አከራይ 10,000 ይላል። ተከራዩ ከ12,000 ላይ፣ አከራዩ ከ10,000 ላይ ነው የሚያሰሉት። ከየትኛው እንደሚቀነስ ካልተነገረ ሁለቱም ልክ ነን ይላሉ።

በማግስቱ የፊተኛውን ደረሰኝ ከነቅጂው «ተሰርዟል» ብዬ ጥራዙ ውስጥ ተውኩት፤ አዲሱን ጽፌ ወሰድኩ። ሴትዮዋ አባዝተው አዩትና ቼኩን ፈረሙ። እናንተም ውል ስትጽፉ ፐርሰንቱን ብቻ አስፍራችሁ አትተዉት፤ ከየትኛው ብር ላይ እንደሚሰላ አጠገቡ ጻፉ።